ስክሪኑ ደህና፣ ሶፍትዌሩ ያረጀ፦ በቲቪው የራሱ ሲስተም ልቀጥል ወይስ ቦክስ ልግዛ?

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ሽምብጥ የምትኖረው አክስቴ ደውላ «ቲቪው አልታዘዝ ብሎኛል፣ መጥተህ እየው እስቲ» አለችኝ። ሄድሁ። ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ዲሹ ይሠራል፣ ዩቲዩብም ይከፈታል፤ ቅዳሴና መዝሙር የምትከታተለው በሱ ነው። እምቢ ያለው ውጭ አገር ያለው ልጇ በየወሩ የሚከፍልበት የፊልም አፕ ነው። ሲነኩት ዓርማው ለሁለት ሰከንድ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ የለም፣ የሚሽከረከር ክብም የለም። ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁ፣ አፑን አስወግጄ መልሼ ጫንሁ፣ ቲቪውን ከሶኬት ነቅዬ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ያው ነው። አፕዴት እንዲፈልግ ሳዘው አዲስ ነገር እንደሌለና የመጨረሻው ላይ እንደደረሰ ነገረኝ።

ጎረቤቶቿ ጥፋቱን በመብራቱ ላይ ጥለውታል፤ «ሲሄድ ሲመጣ አቃጠለው» ብለዋል። ልጇ በስልክ «እሱን ጣሉትና አዲስ ልግዛላችሁ» ብሏል። ሁለቱም አልነበረም። የተቃጠለ ዕቃ የለም፤ ያለቀው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለ ቲቪ ባሕር ዳር ውስጥ በየቤቱ ስላለ፣ ነገሩ ከውስጥ ምን እንደሚመስል፣ ከዚያም ከቲቪው ጋር በገመድ ተገናኝቶ አፖቹን በራሱ የሚያሠራ ቦክስ መግዛት መቼ እንደሚያዋጣ ላስረዳ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በዕቃው ጀርባ ያለው ኮድ የሚነበበው በዚያው ስለሆነ ነው።

ከብራውዘሩ ልጀምር። ስማርት ቲቪ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አፖች ስልካችን ላይ እንዳሉት አይደሉም። ሳምሰንግ ታይዘን፣ ኤልጂ ደግሞ ዌብኦኤስ የሚባል ሲስተም ይጠቀማሉ፤ በሁለቱም ላይ አብዛኛው አፕ ሙሉ ስክሪን ይዞ የሚከፈት ድረ ገጽ ነው። ገጹን የሚያነበው በቲቪው ውስጥ የተደበቀ ብራውዘር ነው፤ ሞተሩም የጉግል ክሮም የሚነሣበት ክሮሚየም ነው። ስልካችን ላይ ያለው ክሮም በየወሩ ግድም ራሱን ያድሳል። የቲቪው ግን ፋብሪካው ለዚያ ዓመት ሞዴል በመረጠው ቁጥር ላይ ይቆማል። በ2018 ሞዴሎች ላይ ኤልጂ ያስቀመጠው ክሮሚየም 53ን ነው፣ ሳምሰንግ ደግሞ 56ን። 53 የወጣው በ2016 ነው። ስለዚህ ቲቪው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ በውስጡ ያለው ብራውዘር ሁለት ዓመት አርጅቷል። የ2020ዎቹም ቢሆኑ በ68 እና በ69 ላይ ቆመዋል።

«አፕዴት ይመጣል እኮ» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ ይመጣል። ግን የሚመጣው በአብዛኛው የጥበቃ ቀዳዳ የሚደፍን፣ የድምፅ ወይም የሪሞት ችግር የሚያስተካክል ነው። የብራውዘሩን ቁጥር አይነካም። አክስቴ ቤት «የመጨረሻው ላይ ነው» የሚለው መልእክት ውሸት አልነበረም። ለዚያ ሞዴል የተሠራው የመጨረሻው ሶፍትዌር ላይ ነበር፤ ያ ግን ከዘመኑ ኢንተርኔት ጋር ይግባባል ማለት አይደለም።

ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ? አፕ የሚጽፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ጃቫስክሪፕት የተባለ ቋንቋ በየዓመቱ አዳዲስ አጻጻፍ ይጨመርበታል። ከ2020 ወዲህ የተለመደ አንድ መስመር ላሳያችሁ፦

```
let name = user?.name;
```

ጥያቄ ምልክቷና ነጥቧ አንድ ላይ ሲጻፉ «ተጠቃሚው ካለ ስሙን አምጣ፣ ከሌለ ዝም በል» ማለት ነው። ክሮሚየም ይህችን መረዳት የጀመረው በ80ኛው ነው። 53 ላይ ያለ ቲቪ ሲያገኛት ይቺን መስመር ዘሎ ወደ ቀጣዩ አይሄድም። ብራውዘር ፋይሉን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ አንድ የማያውቀው ምልክት ካገኘ ፋይሉን በሙሉ ይጥለዋል። ስህተት መኖሩን የሚነግረን መልእክት ራሱ እዚያው ፋይል ውስጥ ስለተጻፈ እሱም አብሮ ይጣላል። ዓርማው የታየው ከኮዱ ውጭ ያለ ተራ ሥዕል ስለሆነ ነው። አክስቴ ቤት ያየሁት መልክ ይኸው ነው፦ ዓርማ፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ጥቁር።

ይህ መልክ በሽታውን ለመለየት ይጠቅማል። ኢንተርኔት ሲደክም አፑ ይከፈታል፣ ክቡ ይሽከረከራል፣ ሥዕሎቹ አንዳንዱ ይመጣል አንዳንዱ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ሲያረጅ ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ማታም ጠዋትም፣ በቤቱ ዋይፋይም ከስልክ በተጋራ ዳታም። እኔ ሁልጊዜ የምሞክረው ይህን ነው፦ ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ቲቪውን አገናኛለሁ። በዚያም እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ራውተሩን አልነካም።

አንድ ሌላ ነገር ግን በቅድሚያ መታየት አለበት፤ ሰዓቱ። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር አንዳንድ ቲቪ ሲነሣ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ «እኔ ነኝ» የሚልበት የምስክር ወረቀት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ የቲቪው ቀን ከነዚያ ውጭ ከሆነ ግንኙነቱን አይቀበልም። ይህ ሲሆን አንድ አፕ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ዩቲዩብን ጨምሮ ሁሉም ነው። ቀኑን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው ቦክስ ገዝቶ ከመጣ በኋላ ችግሩ ቀኑ ሆኖ ሲገኝ ያየሁት አንዴ አይደለም።

አሁን አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ፊልሙ ከሞተ ዩቲዩብ ለምን ዳነ? ጉግል ዩቲዩብን በቲቪው ብራውዘር ላይ አያሳድረውም። ኮባልት የሚባል የራሱ ትንሽ ሞተር ሠርቶ፣ በብዙ ቲቪዎች ላይ ዩቲዩብ በዚያ ላይ ይሠራል። ኔትፍሊክስም እንዲሁ የራሱን ማሳያ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ትልልቆች ከፋብሪካው ጋር ተዋውለው የራሳቸውን ሞተር ማስገባት ይችላሉ። ትንሽ ድርጅት ይህን አይችልም። ኮዱን ወደ ድሮው አጻጻፍ መልሶ ማስተርጎም ይቻላል፣ የታወቀ ሥራ ነው፤ ግን እያንዳንዱን አሮጌ ሞዴል ገዝቶ፣ ሞክሮ፣ አስተካክሎ መኖር ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ከዚህ ዓመት በፊት ያለውን ትተናል» ይላሉ። ቲቪ አፖቹን በአንድ ቀን አያጣም፤ መጀመሪያ ትንንሾቹ ይሄዳሉ፣ ትልልቆቹ መጨረሻ ላይ።

ትልልቆቹም ግን ይሄዳሉ። በ2015 ጉግል የድሮውን የዩቲዩብ የመረጃ መስመር ሲዘጋ፣ ከ2012 እና ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ቲቪዎችና ማጫወቻዎች የዩቲዩብ አፓቸውን አጡ። ኔትፍሊክስ ደግሞ በታኅሣሥ 2019 መጀመሪያ ላይ የ2010 እና የ2011 የሳምሰንግ ሞዴሎችን አቋረጠ። የኔትፍሊክሱን ቁጥሮች ቀንሱ፦ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት። ስክሪኖቹ ግን ብዙዎቹ ያኔም ደህና ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ለእኛ ከተማ የሚለየው ነገር። ይህ ዕድሜ የሚቆጠረው እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም፣ ሞዴሉ ከወጣበት ዓመት ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ ላስቲኩ ሳይላጥ፣ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልን ቲቪ አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ የኖረ ሊሆን ይችላል። ከዱባይ በሰው የሚመጣውም እንዲሁ። የአክስቴ ቲቪ የተገዛው በ2021 መጨረሻ ነው፤ ሞዴሉ የ2018 ሆኖ ተገኘ። ሻጩ አልዋሸም፣ ያገለገለ አልነበረም። ግን ከሶፍትዌር ዕድሜው ሦስት ዓመቱ ሳይበራ አልቋል።

ዓመቱን ለማወቅ ሻጭን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት ማንበብ ይበቃል። የሳምሰንግ ኮድ ለምሳሌ UA43NU7100 ቢል፣ 43 ኢንቹ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለችው ፊደል ዓመቷ ናት። N ማለት 2018 ነው፣ R 2019፣ T 2020፣ A 2021፣ B 2022፣ C 2023፣ D 2024። ይህ የሚሠራው ለተለመዱት ፎርኬ ሞዴሎች ነው። በኤልጂ ከኢንቹ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት ፊደሎች እዩ፦ UK የ2018 ነው፣ UM የ2019፣ UN የ2020፣ UP የ2021፣ UQ የ2022፣ UR የ2023፣ UT የ2024። ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አዙሮ ይህን ማንበብ ግማሽ ደቂቃ ነው። UN የሚል ቲቪ ዛሬ «አዲስ» ተብሎ ከቀረበላችሁ፣ ስክሪኑን ብቻ እየገዛችሁ እንደሆነ ቆጥራችሁ ዋጋውን ተከራከሩ።

ፋብሪካዎቹም ወቀሳውን ሰምተዋል። ኤልጂ በ2024 መጀመሪያ ላይ ለተወሰኑ ሞዴሎች በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሙሉ ዌብኦኤሱን እንደሚቀይር አስታወቀ። ሳምሰንግም ከ2024 ሞዴሎቹ ጀምሮ ታይዘንን ለሰባት ዓመት እንደሚያሳድግ ተናገረ። ይህ ከተራ አፕዴት ይለያል፤ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ብራውዘሩም አብሮ ይታደሳል። ስለዚህ ከ2024 ወዲህ የወጣ፣ በስሙ ተጠርቶ ቃል የተገባለት ሞዴል ከቀድሞዎቹ ጋር አንድ ላይ አይደመርም። ያልታደሰው የቲቪው ሜሞሪ ነው። ፋብሪካው ሶፍትዌሩን እያከበደ ሲሄድ የውስጥ ዕቃው ያው ነው፤ ርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑም ጠባብ ነው። ሰባተኛው ዓመት ላይ ያለ ርካሽ ቲቪ አፑን ይከፍታል፣ ግን ሪሞቱን ተጭናችሁ ቡና እስኪፈላ ልትጠብቁ ትችላላችሁ።

ጉግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ያላቸው፣ ማለትም አብዛኛው ሶኒ፣ ቲሲኤልና መሰሎቻቸው መሐል ላይ ናቸው። በነሱ ላይ አፖቹ ከፕሌይ ስቶር የሚጫኑ ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የአንድሮይዱ ብራውዘር ሞተርም ራሱ እንደ አንድ አፕ በፕሌይ ስቶር በኩል ይታደሳል። ፋብሪካው ፊቱን ቢያዞርም አፖቹ ለተወሰኑ ዓመታት መታደሳቸውን ይቀጥላሉ። እነሱን ቶሎ የሚገድላቸው የቦታ ጥበት ነው። ስምንት ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ላይ ሲስተሙ አብዛኛውን ይዞታል፤ ሦስት አፕ ሲጫን «ቦታ የለም» ይላል።

የውጭ ቦክስ ጥቅሙም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ጥሩ ቦክስ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ከስክሪኑ ጋር አልተጋባም። አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ሳትጥሉ ትለውጡታላችሁ፣ ዋጋውም ከቲቪው ጥቂቱ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ረጅም ዕድሜ አሳይተዋል። ኤንቪዲያ በ2015 ያወጣው ሺልድ በአንድሮይድ 5 ጀምሮ እስከ አንድሮይድ 11 ደርሷል፣ በ2025 እንኳ አፕዴት መጥቶለታል። አፕልም በ2015 ያወጣው ቦክስ በ2024 የወጣውን ሲስተም ተቀብሏል። ዘጠኝና አሥር ዓመት ማለት ነው። ሁለቱም ውድ ናቸው፣ እኛ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኙም፤ የጠራኋቸው መቻሉን ለማሳየት ነው። ርካሾቹ እንደነሱ ይኖራሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ቦክስም ዘላለማዊ አይደለም። በመጋቢት 2025 ክሮምካስት በሚባለው፣ ቲቪ ላይ በሚሰካው የጉግል ዕቃ ሁለተኛ ትውልድ ላይ የሆነውን ለሚያስታውስ ግልጽ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉት በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ምክንያቱ በውስጣቸው ያለ አሥር ዓመት የተሰጠው የምስክር ወረቀት ቀኑ ማለፉ ነበር። ጉግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው። ዕቃውን በዚያ ሰሞን «ይመለስ ይሆናል» ብለው ፋብሪካው ወደሰጠው ቅንብር የመለሱት ሰዎች ግን መልሰው ማገናኘት ተቸግረው ነበር። ከዚያ የወሰድሁት ልማድ አለ፦ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲቆም፣ ሌላ ቤትም መቆሙን ሳልጠይቅ ሪሴት አላደርግም።

ከዚህ በላይ የምፈራው ግን በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ የሚታየውን ስም የለሽ ቦክስ ነው። ካርቶኑ ላይ ፎርኬ፣ ኤይትኬ፣ አንድሮይድ 13 የሚል ተጽፏል፤ ዋጋው ደስ ይላል። ስልክና ታብሌት ላይ የሚሠራው ነፃው አንድሮይድ ተጭኖበታል እንጂ ጉግል መርምሮ የፈቀደው አይደለም። እንዲህ ያለው ቦክስ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አፕዴት የሚባል አያውቅም፤ የሚጠብቀው ድርጅት ራሱ የለም። ስለዚህ «ቲቪው አፕዴት ስለቀረበት ቦክስ ገዛሁ» የሚል ሰው ይህን ከገዛ ካመለጠው የባሰ ውስጥ ገብቷል።

ከመቆምም የከፋ አለ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ነገር ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንዳንዶቹ እነዚህ ቦክሶች ገና ሲሸጡ፣ ሌሎቹ መጀመሪያ ሲከፈቱ አፕ ሲያወርዱ፣ በውስጣቸው ድብቅ ፕሮግራም ይገባል። ሂዩማን ሴኩሪቲ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መያዙን አስታውቋል። ፕሮግራሙ ፊልሙን አያቋርጥም፤ ሥራው የቤታችሁን የኢንተርኔት መስመር ለማታውቁት ሰው ማከራየት ነው። ሌላ ሰው ማጭበርበር ሲፈልግ በእናንተ በር ይወጣል። የምትከፍሉበትን ዳታም አብሮ ይበላል።

እንዴት ይለያል? ሱቅ ውስጥ ሰክቶ ለማየት ይጠይቁ፤ እንቢ የሚል ሻጭ ራሱ መልስ ነው። ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ እንደ ታብሌት ከሆነ፣ ሪሞቱም እንደ ማውስ ቀስት የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ የተፈቀደ አንድሮይድ ቲቪ አይደለም። ከዚያ ወደ Settings፣ ከዚያ ወደ About ገብታችሁ Security patch የሚለውን ቀን አንብቡ። አንድሮይዱ 13 ነው እያለ የጥበቃው ቀን የ2018 ከሆነ፣ ወይም መስመሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ስሙን ቀይረው የለጠፉት አሮጌ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ DRM Info የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ተጭኖ ሲከፈት Widevine ከሚለው የፊልም ኮፒ መከላከያ ስም ሥር L1 ወይም L3 ይላል። L3 ከሆነ ካርቶኑ ኤይትኬ ቢልም ኔትፍሊክስ የሚሰጣችሁ ምስል የድሮው የዲቪዲ ጥራት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «መጀመሪያ ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋው»፣ ማለትም አፖችን የሚመረምረውን የጉግል ጥበቃ ዝጋ፣ የሚል መመሪያ ከዕቃው ጋር ከመጣ አትክፈሉ። ጉግል የፈቀዳቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር android.com/tv ላይ ማየት ይቻላል።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። ሂሳቡ ቀላል ነበር። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ፎርኬ ነው፣ ስታቢላይዘር ስላላት መብራቱ አልጎዳውም። ቲቪ መቀየር ትርጉም አልነበረውም፤ ልጇ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው የተፈቀደ ጉግል ቲቪ ቦክስ ላከላት። ከመላኩ በፊት በስልክ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ ሞዴሉ የወጣበትን ዓመትና ሜሞሪውን። ሁለት ጊጋ ራም ካልሆነ ተወው አልሁት። የማከማቻው ስምንት ከሆነም ተወው፤ አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ካልሆነ ነገ ያው የጥበት ጣጣ ነው።

ስሰካው ሁለት ነገር ሊያበላሸው ነበር። አንደኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የቲቪው ዩኤስቢ ቀዳዳ ቅርብ ስለሆነ ሰው ቦክሱን ከዚያ ያበራዋል። የተለመደው የቲቪ ዩኤስቢ 5 ቮልት በግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ብዙዎቹ ቦክሶች ሥራ ሲበዛባቸው ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ያኔ ፊልሙ መሐል ላይ ቦክሱ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ባለቤቱም ዕቃው ብልሽት ነው ይላል። አብሮት የመጣውን ቻርጀር ከስታቢላይዘሩ ጋር አገናኘሁት። የመጀመሪያውን ትልቅ አፕዴትም ማታ ሳይሆን መብራት በማይዋልልበት ረፋድ ላይ ነው ያስጀመርሁት፤ አፕዴት መሐል ላይ መብራት ሲሄድ የማይነሣ ቦክስ ሊቀር ይችላልና። ሁለተኛው ቀዳዳው ነው። ፎርኬ ፊልም በኮፒ መከላከያው ኤችዲሲፒ 2.2 የሚያልፍ ኤችዲኤምአይ ይፈልጋል፤ የድሮ ቲቪዎች ላይ ሁሉም ቀዳዳ ይህን አይደግፍም። የአክስቴ ላይ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ፊልሙ ወደ ተራ ጥራት ወረደ፤ ወደ ሌላው ሳዛውረው ተስተካከለ።

ከቴክኒኩ ይልቅ የፈራሁት ሪሞቱን ነው። እሷ ሪሲቨሩንም ጨምሮ ሦስት ሪሞት ሊኖራት ነው። ቦክሱ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ቲቪውን ማብራትና ማጥፋት ይችላል፤ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚባለው ነው፣ ሳምሰንግ Anynet+ ኤልጂ SimpLink ይለዋል። ሲከፈት የቦክሱ ሪሞት ላይ ያለው አንድ ቁልፍ ሁለቱንም ያስነሣል። ዲሹ ግን በነበረበት ይቀጥላል፤ የዲሽ ቻናል ከአፕም ከብራውዘርም ጋር ግንኙነት ስለሌለው ቲቪው ምን ያህል ቢያረጅ አይነካውም። ይህን የምለው «ሶፍትዌሩ ካረጀ ኢቲቪም ይጠፋል ወይ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

በመጨረሻም የቲቪውን የራሱን ዋይፋይ አስረሳሁት። ጥበቃው ያረጀ ሲስተም ቤት ውስጥ ካሉት ስልኮች ጋር በአንድ ዋይፋይ መዋሉ ጥቅም የለውም፤ ከእንግዲህ የሚያሳየው ስክሪን ብቻ ነው።

ለልጇ «አዲስ ቲቪ እገዛለሁ» ሲል የመለስሁለት ምክር ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ ለሌላውም ይሠራል። አዲስ ቲቪ የሚገዛ ሰው ቦክሱን አብሮ መግዛት የለበትም። አዲሱ ቲቪ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የራሱ ሲስተም ይበቃዋል። ዛሬ የተገዛ ቦክስ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ዕድሜው እየተቆጠረ ነው፤ ልክ መጋዘን እንደኖረው ቲቪ። ገንዘቡን ማቆየትና የመጀመሪያው አስፈላጊ አፕ ጥቁር ሲሆን የዚያን ዓመት ቦክስ መግዛት ይሻላል። ቲቪውን ግን በስክሪኑ፣ በድምፁ፣ በኤችዲኤምአዩ ብዛትና ከተማው ውስጥ መለዋወጫ በመኖሩ ይምረጡት። «ስማርቱ የተሻለ ነው» ተብሎ ለሚጨመር ገንዘብ እኔ አልከፍልም። ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ቦክሱን ከመጀመሪያው ይግዛ፦ የቆየ ሞዴል በርካሽ ያገኘ፣ ወይም የሚፈልገው አፕ በዚያ ቲቪ ስቶር ላይ ጭራሽ የሌለ። ሁለተኛውን ሱቅ ውስጥ ስቶሩን ከፍቶ ስሙን በመጻፍ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከመውጣቴ በፊት ነጭ ፕላስተር ቆርጬ በቦክሱ ሆድ ላይ ሞዴሉንና የወጣበትን ዓመት በእስክሪብቶ ጻፍሁበት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ። «የልደት ቀኑ ነው» አልኋት። «እንግዲያስ የቲቪውንም ጻፍልኝ» አለች፤ ዞሬ ከጀርባው 2018 ብዬ ለጠፍሁበት።